የሆስፒታል መውጫ ወረቀትን ለአስታማሚ እንዴት እናስረዳ?

ታማሚው ዛሬ ይወጣል ሲባል አልጋው ዙሪያ ግርግር ይሆናል። አንዱ ሒሳብ ሊከፍል ይሄዳል፣ ሌላው መኪና ይፈልጋል፣ አስታማሚዋ ዕቃ ትሸክፋለች። በዚህ መሀል አንድ የታጠፈ ወረቀት እጇ ላይ ይደርሳል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ግማሹ ምህጻረ ቃል ነው። ማታ ቤት ገብታ መድኃኒቱን ስታወጣ ግን የምትጠይቀው ሰው አጠገቧ የለም።

ይህ መመሪያ ያን ወረቀት ለሚያስረዳ ሰው ነው። የክፍሉ ነርስ ሊሆን ይችላል፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ የቤተሰብ አባልም ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። የ68 ዓመት እናት ናቸው። ለዓመታት የደም ግፊት አለባቸው። እግራቸው አብጦ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እያጠራቸው መጥተው የልብ ድካም ተብሎ ተኙ። ውሃው ተቀንሶላቸው ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ይወጣሉ። የምታስታምማቸው ሁለተኛ ልጃቸው ናት።

መጀመሪያ ወረቀቱን ራሳችሁ አንብቡት

አስታማሚዋ ፊት ቆማችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አታንብቡ። ቀድማችሁ ስድስት ነገር ፈልጉበት፦ የበሽታው ስም፣ በወጡበት ቀን የነበረው ክብደት፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች፣ እንዲቆሙ የታዘዙት መድኃኒቶች፣ ቀጠሮው፣ እና ውጤቱ ገና ያልመጣ ምርመራ ካለ እሱ። ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት ክብደቱና የቆሙት መድኃኒቶች ናቸው። ከጎደሉ የጻፈውን ሐኪም ያኔውኑ ጠይቁ። ታማሚዋ ከግቢ ከወጡ በኋላ ያንን ሐኪም ማግኘት ከባድ ነው። መጠኑ ወይም ጽሑፉ ካልተነበበላችሁም አትገምቱ፤ ሄዳችሁ አስነብቡት።

ከዚያ ትክክለኛውን ሰው ለዩ። «ቤት ውስጥ መድኃኒቱን በእጁ የሚሰጣቸው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሒሳብ የሚከፍለው ታላቅ ወንድም ብዙ ጊዜ እሱ አይደለም። በምሳሌያችን መድኃኒት የምትሰጠው ልጅቷ ናት፤ እሷ ሥራ ስትሄድ ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ሁለቱም መስማት አለባቸው። ሠራተኛዋ መምጣት ካልቻለች ቢያንስ በስልክ ትስማ። እናትየውንም አትርሷቸው። ወረቀቱ ስለ እሳቸው ነውና በጭንቅላታቸው ላይ አትነጋገሩ።

በሽታውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ንገሩ

እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «የእማማ ልብ ደም የሚገፋበት ኃይል ቀንሷል። ስለዚህ ውሃ በእግራቸውና በሳንባቸው ይጠራቀማል፤ እብጠቱም የትንፋሽ እጥረቱም ከዚያ ነው የመጣው። መድኃኒቱ ውሃውን ያወጣል፣ ልባቸውን ያግዛል፤ ሕመሙ ግን የሚቆይ ስለሆነ ደህና ሆንኩ ተብሎ አይቋረጥም።»

የመጨረሻዋን ሐረግ ሁለቴ በሏት። እግሩ ሲጎድል መድኃኒት ማቆም ታማሚን መልሶ ከሚያስተኙ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። እብጠቱ የጠፋው መድኃኒቱ ስለሚሠራ መሆኑን ልጅቷ ከገባት ሌላው ሁሉ ይቀላል።

የቤቱን መድኃኒት አልጋው ላይ ዘርግፉ

ከመውጫው ቀን በፊት ልጅቷን «ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘሽ ነይ» በሏት። የተጀመረውም፣ ያለቀ ካርቶኑም፣ ከጎረቤት የመጣውም ይምጣ። ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለማድረግ ጊዜ ካላችሁ ይህን አድርጉ። አደጋው በአብዛኛው አዲሱ መድኃኒት ብቻውን አይደለም፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር አብሮ ሲወሰድ ነው።

የእናታችን መውጫ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ፉሮሴማይድ 40 ሚሊግራም ቢ አይ ዲ፣ ኢናላፕሪል 10 ሚሊግራም ቢ አይ ዲ፣ ስፓይሮኖላክቶን 25 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት 25 ሚሊግራም በቀን አንዴ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይቁም። ቢ አይ ዲ ማለት በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ቲ አይ ዲ ቢል ሦስት ጊዜ፣ ፒ አር ኤን ቢል ሲያስፈልግ ብቻ፣ ፒ ኦ ቢል በአፍ የሚወሰድ ማለት ነው።

ከፌስታሉ ደግሞ ይህ ወጣ፦ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ኢናላፕሪል ባለ 5 ሚሊግራም፣ ሰፈር ካለ ክሊኒክ የተሰጠ ግማሽ የቀረው ላሲክስ፣ እና ለጉልበት ሕመም የተገዛ ዳይክሎፌናክ።

አሁን እያንዳንዱን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ፤ ልጅቷ እያየች።

ላሲክስና ፉሮሴማይድ አንድ መድኃኒት ናቸው። ላሲክስ የንግድ ስም ነው። ይህን ያልነገርናት ልጅ ሁለቱንም ትሰጣለች፤ ካርቶናቸው አይመሳሰልማ። ያኔ እናትየው እጥፍ መጠን ይወስዳሉ። ሲነሱ ያዞራቸዋል፣ አፋቸው ይደርቃል፣ ይደክማቸዋል፣ ኩላሊታቸውም ይጎዳል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ትልቁን የንግድ ስም ሳይሆን በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ማንበብ አሳዩአት። ሌላ ጊዜ ከሌላ መድኃኒት ቤት ስትገዛ ካርቶኑ ቀለሙም ስሙም ሊቀየር ይችላል።

ኢናላፕሪሉ የቆየ ነው፤ መጠኑ ግን ጨምሯል። በፊት ባለ 5ቱን አንድ አንድ ፍሬ ጠዋትና ማታ ይወስዱ ነበር። አሁን 10 ነው። ባለ 5ቱን ሁለት ሁለት ፍሬ አድርጎ መጨረስ ይቻላል። እኔ ግን ባለ 5ና ባለ 10 ኢናላፕሪል አንድ ቤት ውስጥ ባይቀመጡ እመርጣለሁ። ልጅቷ ብታስታውስ ሠራተኛዋ ትሳሳታለች። መድኃኒት ቤቱ ባለ 10 ከሰጠ ባለ 5ቱ ይወገድ። ባለ 5 ብቻ ከተገኘ ካርቶኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «ጠዋት 2 ፍሬ፣ ማታ 2 ፍሬ» ተብሎ ይጻፍ።

ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ቆሟል። ሥራውን አሁን ፉሮሴማይድ ይሠራል። «ይቁም» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ለምን እንደቆመ ካልተነገራት እናትየው «የድሮዋ ኪኒኔ ትሻለኛለች» ያሏት ቀን ትሰጣቸዋለች።

ዳይክሎፌናኩ ወረቀቱ ላይ ጭራሽ የለም፤ ሐኪሙም አያውቀውም። ከዝርዝሩ ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ ግን እሱ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ፉሮሴማይድ የሚያወጣውን እነሱ ይመልሱታል። ከኢናላፕሪልና ከፉሮሴማይድ ጋር ሲገናኙ ደግሞ ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳሉ። በመርፌ ቢሰጥም ያው ነው። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል እንዲያዝላቸው ሐኪሙን ጠይቁ። ልጅቷ ማንኛውም መድኃኒት ቤት ወይም ክሊኒክ ስትገባ «እናቴ የልብ ድካም አለባት፣ ዳይክሎፌናክ አይሰጣትም» ብላ እንድትናገር አስጠኗት። ዳማከሴም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ያለ ቁጣ ጠይቁ። ከተቆጣችሁ ይደብቋችኋል።

ሲያልቅ አልጋው ላይ ሁለት ክምር ብቻ መቅረት አለበት፦ ወደ ቤት የሚሄድና የማይሄድ። የማይሄደውን እዚያው ለመድኃኒት ክፍሉ አስረክቡ። «እቤት አስቀምጠዋለሁ» ከተባለ አንድ ቀን መወሰዱ አይቀርም።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፉ

እዚህ ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል። ሐኪሙ ፉሮሴማይድን በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት በ8ና ከሰዓት በ2 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በእኛ ጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ ከሰዓቱ ደግሞ 8 ሰዓት ነው። ቁጥሮቹ ስለሚገለባበጡ ስህተቱ አይታይም። ልጅቷ ሁለተኛውን ማታ 2 ሰዓት ላይ ብትሰጥ እናትየው ሌሊቱን ሙሉ ለሽንት ሲነሱ ያድራሉ። እንቅልፍ ማጣቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ የ68 ዓመት ሰው በጨለማ እየተነሳ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ «በቀን ሁለቴ» ተብሎ ቢታዘዝም የፉሮሴማይድ ሁለተኛው ፍሬ ከሰዓት እንጂ ማታ አይሰጥም።

ፍሪጅ ላይ ወይም መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት በአማርኛ ጻፉላት። በመድኃኒት ስም ሳይሆን በሰዓት ይደርደር፦

ጠዋት 2 ሰዓት — ፉሮሴማይድ 1፣ ኢናላፕሪል 1፣ ስፓይሮኖላክቶን 1፣ ሜቶፕሮሎል 1
ከሰዓት 8 ሰዓት — ፉሮሴማይድ 1
ማታ 2 ሰዓት — ኢናላፕሪል 1

ከየስሙ አጠገብ ሥራውን በአጭሩ ጨምሩ፦ ፉሮሴማይድ ውሃ የሚያወጣ፣ ኢናላፕሪል ግፊት የሚቀንስና ልብን የሚያግዝ፣ ስፓይሮኖላክቶን ልብን የሚጠብቅና ውሃ ለማውጣት የሚያግዝ፣ ሜቶፕሮሎል የልብ ምትን የሚያረጋጋ። ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት ቀስ እያለ እንዲለቀቅ ተደርጎ የተሠራ ነውና አይፈጭም፣ አይታኘክም፤ በድንገትም አይቋረጥም። ሠራተኛዋ ማንበብ ካልቻለች የየሰዓቱን መድኃኒት በተለያየ ቀለም ዕቃ ለይቶ ማስቀመጥ ይረዳል።

አንድ ጊዜ ቢዘለልስ? ትንሽ ብቻ ካለፈ ይሰጥ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ያለፈው ይቅር። ሁለቱን ደርቦ መስጠት የለም።

ጾሙንም አሁኑኑ አንሱት። እናትየው ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ የጠዋቱን መድኃኒት ለማታ ሊያዞሩት ይችላሉ፤ ሳትጠይቋቸው አይነግሯችሁም። ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ፤ ከንስሐ አባታቸውም ጋር እንዲነጋገሩ ንገሯቸው። የሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ረመዳን ሳይገባ በፊት ሐኪሙ ሰዓቱን ያስተካክልላቸው።

ሚዛን፣ ጨው፣ ውሃ

በወጡበት ቀን ክብደታቸው 60 ኪሎ ነው። ይህን ቁጥር በትልቁ ጻፉላት። ውሃ መልሶ ሲጠራቀም ከእግር እብጠት ቀድሞ ብዙ ጊዜ ሚዛን ላይ ይታያል። በየጠዋቱ ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በተመሳሳይ ቀላል ልብስ ይመዘኑ፤ ቁጥሩም ደብተር ላይ ይጻፍ። ቤት ሲገቡ በቤቱ ሚዛን የመጀመሪያውን ጠዋት ይመዘኑና ያ ቁጥር መነሻ ይሁን፤ የሆስፒታሉና የቤቱ ሚዛን ላይስማሙ ይችላሉ። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ይደወላል። ሚዛን ከሌለ ሰፈር ያለ መድኃኒት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይመዘኑ፤ በየቀኑ ደግሞ ቁርጭምጭሚታቸውን በጣት ተጭኖ ጉድጓድ መቅረቱን ማየት ይቻላል።

ጨው ላይ «ጨው ቀንሱ» ብሎ ማለፍ አይሠራም። ልጅቷ «እኛ ቤት ጨው አይበዛም» ትላለች፤ የምታስበው ወጡ ላይ የምትነሰንሰውን ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ግን ጨው ገብቶባቸዋል። የሾርባ ኩብ በአብዛኛው ጨው ነው። ለእሳቸው ጨው የሌለበት ሽሮና በርበሬ ለብቻ ይዘጋጅ፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማ ይጣፍጥ። በቀን ከሁሉም ተደምሮ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ማነስ አለበት። «ለግፊት የሚሆን» ተብሎ የሚሸጥ ጨው ግን ፖታሲየም ሊኖርበት ስለሚችል አይገዛ፤ ከስፓይሮኖላክቶንና ከኢናላፕሪል ጋር አይሄድም።

የውሃ ገደብ ለሁሉም አይታዘዝም። የእናታችን ወረቀት በቀን 1.5 ሊትር ይላል። ይህ ሦስት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው። ጠዋት ሦስቱን ሞልታ ታስቀምጥ። ቡና፣ ሻይ፣ ሾርባ ሲጠጡ ያንኑ ያህል ከሃይላንዱ ይደፋ። ጠበል የሚጠጡ ከሆነ እሱም ከዚሁ ልክ ውስጥ ይቆጠር። «ጠበል አትጠጪ» ማለት አያስፈልግም፤ መጠኑን መንገር ግን የግድ ነው፤ ብዙ ሊትር በአንድ ጠዋት ከተጠጣ ልባቸው አይችለውም።

ምን ሲታይ ይደወል? ምን ሲታይ ይሮጥ?

የምልክት ብዛት አስታማሚን ያደናግራል። በሁለት ክፈሉት።

በዚያው ቀን የሚደወለው፦ ክብደት ከላይ እንዳልነው ሲጨምር፣ እግር መልሶ ሲያብጥ፣ በአንድ ትራስ ይተኙ የነበሩት ሁለት ሦስት ሲፈልጉ፣ ሲነሱ በጣም ሲያዞራቸው፣ ደረቅ ሳል ሲጀምራቸው (ሳሉ ከኢናላፕሪል ሊሆን ይችላል)። ትውከት ወይም ተቅማጥ ይዟቸው ምግብና ውሃ እምቢ ካላቸውም የሚቀጥለው ፍሬ ከመሰጠቱ በፊት ይደወል፤ ሰውነት በደረቀበት ሰዓት ፉሮሴማይድ፣ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ።

ሳይደወል ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚኬደው፦ ቁጭ ብለውም ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ደረታቸውን ሲያማቸው፣ ራሳቸውን ሲስቱ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ሲያብጥ። የመጨረሻው ከኢናላፕሪል ሊመጣ ይችላል፤ ዳግመኛ አንድም ፍሬ አይሰጥም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አምቡላንስ እስኪመጣ የሚያጥራቸው ትንፋሽ ከሆነ አታስተኟቸው፤ ቀጥ ብለው ይቀመጡ።

የሚደወልበትን የክፍሉን ስልክ ቁጥር ጻፉላት። ቁጥር ከሌለ ደግሞ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደምትሄድ አሁኑኑ ወስኑ። «ችግር ካለ ተመለሱ» የሚለው ቃል ብቻውን ማንንም አይረዳም።

ቀጠሮው

ወረቀቱ ላይ 12/11/2025 ተብሏል። ሐኪሙ ቀኑን አስቀድሞ ስለጻፈ ኖቬምበር 12 ማለቱ ነው፤ በእኛ ረቡዕ ኅዳር 3 ቀን 2018 ነው። ልጅቷ ዓመቱን ሳታስተውል በእኛ አቆጣጠር ብታነበው ሐምሌ 12 ይሆንባታል። ወረቀቱ በቴሌግራም አሜሪካ ላለው ልጅ ከተላከ ደግሞ እዚያ ወር ስለሚቀድም ዲሴምበር 11 ብሎ ሊነግራቸው ይችላል፤ አንድ ወር ዘገዩ ማለት ነው። ስለዚህ ዕለቱን፣ የወሩን ስምና ዓመቱን በቃል ጻፉ፦ «ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ 2018፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ የልብ ክትትል ክፍል»።

ከቀጠሮው በፊት ሐሙስ ጥቅምት 27 የደም ምርመራ አለ፤ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒን፣ እና ፖታሲየም። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ «ደህና ናቸው፣ ለምን እናንገላታቸው» ይባላል። ምክንያቱን ንገሯት። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አብረው ፖታሲየምን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ከፍ ያለ ፖታሲየም የልብ ምትን ያዛባል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምንም ስሜት ሳይሰጥ ነው ከፍ የሚለው። የሚያሳየው ደሙ ብቻ ነው። ምርመራው የት እንደሚሠራና ውጤቱን ማን እንደሚያይ ይጻፍ።

መድኃኒቱ እስከ ቀጠሮው መድረሱንም አብራችሁ ቁጠሩ። እስከ ኅዳር 3 ድረስ 14 ቀን ያህል ነው፤ ፉሮሴማይድ በቀን 2 ስለሆነ 28 ፍሬ ያስፈልጋል። የተሰጣት 20 ከሆነ ከ10 ቀን በኋላ ያልቃል፤ ጉድለቱን ዛሬውኑ ታስሞላ። ሆስፒታሉ ከሌለው ወደ ከነማ መድኃኒት ቤት ወይም ሌላ ቦታ ለመሄድ የተፈረመ የመድኃኒት ማዘዣ ይዛ መውጣት አለባት። ለቀጠሮው ቀን ይህን ታዘጋጅ፦ የቀጠሮ ካርዱ፣ መውጫ ወረቀቱ፣ የሚዛን ደብተሩ፣ የቀሩት ኪኒኖች በፌስታል፣ የጤና መድን ካላቸው ደብተሩና የሪፈር ወረቀቱ።

አሁን እሷ ትንገራችሁ

«ገባሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ ሲስተር» ነው። ይልቅ እንዲህ በሏት፦ «የእኔ እህት፣ በደንብ አስረድቼሽ እንደሆነ ልይ። ነገ ጠዋት ተነስተሽ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

ሽንት፣ ሚዛን፣ ደብተር፣ ከዚያ አራት ኪኒን ካለች ጥሩ ነው። ቀጥሉ፦ «ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ የትኛውን ትሰጫለሽ? እስቲ ከካርቶኑ አውጪልኝ።» በእጇ ታውጣው። «ቅዳሜ 60 የነበሩት ሰኞ 62 ተኩል ቢሆኑስ?» «ጉልበታቸውን ሲያማቸው ምን ትገዢላቸዋለሽ?» አንዱን ከሳተች ያንኑ ብቻ ደግማችሁ አስረዱና መልሳችሁ ጠይቋት። ይህ ሁሉ ከእሩብ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ጊዜ ካጠረ የበሽታውን ማብራሪያ አሳጥሩ እንጂ ይህን አትዝለሉ።

ከዚያ የመውጫ ወረቀቱንም፣ በአማርኛ የተጻፈውንም የሰዓት ዝርዝር በስልኳ ፎቶ ታንሳቸው፤ ለወንድሟና ለሠራተኛዋ ትላክላቸው። ክፍሉ ከቻለ በማግስቱ ይደውልላት። የሚጠየቀው አጭር ነው፦ ኪኒኖቹ ሁሉ ተገኙ ወይ? የዛሬ ጠዋት ሚዛን ስንት አለ?